ሳሎንን ጋቢ ስለማልበስ

ሳሎንዎ ታሟል ብል አይቆጡኝ። ሶፋው ግራጫ ነው፤ ወለሉ ግራጫ ሴራሚክ ነው፤ መጋረጃው ደግሞ «ግራጫ አይደለም፣ አመድማ ነው» ተብሎ የተሸጠልዎ ግራጫ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሥዕሉም አንድ ክብ ብቻ ነው። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ እንግዳ እስካሁን የለም፤ ይሉኝታ ይዞት ይሆናል። እንዲህ በድፍረት የምናገረው ቤትዎን አይቼ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሳሎን አራት ዓመት ኖሬያለሁ።

የእኔ ሳሎን ሕመም የታወቀው አማቴ ከደብረ ሲና የመጡ ዕለት ነው። ሐምሌ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና «ልጄ፣ ዕቃው መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ። ገብቶ ያለቀ መሆኑን ብነግራቸው «አይዟችሁ፣ እግዜር ይሰጣል» ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ ሴራሚኩ እግራቸውን ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ነጠላቸውን ድርብርብ አድርገው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን ጠጡ። የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ስኒ ባስቀመጡ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፤ እሳቸውም በየቀጭታው «በስመ አብ» ይላሉ።

እሳቸው እንደሄዱ ሳሎኑን በአገር ልብስ ላሞቀው ቆረጥኩ። የሚከተለው ምክር በብዙ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ለእርስዎ ግን በነጻ ነው።

መጀመሪያ ይማሉ። «መስኮቱንና ኮርኒሱን አልነካም» ብለው፣ ምስክር ባለበት፣ ጮክ ብለው ይማሉ። መሐላው የሚያስፈልገው ሙቀት ያማረው ሰው ሁለት ነገር ስለሚያደርግ ነው። አንደኛ፣ ያንን ሰፊ መስኮት በከባድ ጨርቅ ይደፍነዋል። ሁለተኛ፣ ኮርኒሱ ላይ ጨርቅ ወጥሮ ሳሎኑን የሠርግ ድንኳን ያደርገዋል። ሁለተኛውን «ባህላችን ነው» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። የድሮው የጭቃ ቤታችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። ግን በአቡጀዲ ኮርኒስ ሥር ያደገ ሰው የሚያስታውሰው ውበቱን አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ከላይ የሚሮጡትን አይጦች ነው። ጨርቁ እየረገበ ሲሄድ እያንዳንዱ እግራቸው ይቆጠር ነበር።

ደግሞም መስኮቱና ኮርኒሱ ጠቃሚ ናቸው። የእኔ መስኮት 2 ሜትር ከ60 ስፋት አለው፤ በሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች ለሦስት የተከፈለ ነው፤ ከወለል 80 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይጀምራል። ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው። መሐሉ ላይ 2 ሜትር ከ40 በ3 ሜትር ከ40 የሆነ፣ ወደ ላይ የተጎደጎደ አራት ማዕዘን አለው፤ የጉድጓዱ ጠርዝ 12 ሳንቲም ነው። ይህንን ሁሉ በሜትር ለክተው በወረቀት ያስፍሩ። የሸማ ሥራ ለስላሳ ነው፤ ይረግባል፣ ይሸበሸባል፣ ይንሸራተታል። የሚደገፍበት ቀጥ ያለ መስመር ካላገኘ ሳሎንዎ ቤት መሆኑ ቀርቶ ያልተጣጠፈ የልብስ ክምር ይመስላል። ያ መስመር ከመስኮቱና ከኮርኒሱ ይመጣል።

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ ሊሄዱ ተነሥተዋል። ይቀመጡ። መጀመሪያ ስለ ሸማኔው ክንድ እንነጋገር።

ሸማኔ በባህላዊው ዕቃ ሲሠራ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እየወረወረ ማጉን በድሩ መሐል ያሳልፋል። ስለዚህ የጨርቁ ስፋት እጁ ሳይቸገር ከሚደርስበት አያልፍም። እኔ የገዛሁት 80 ሳንቲም ነበር። ፋብሪካ እንደሚሸጠው ባለ 3 ሜትር ጨርቅ አንድ ወጥ መጋረጃ አገኛለሁ ብለው ከሆነ፣ ያን የሚሸምን ሰው ክንዱ እንደ አሞራ ክንፍ መሆን አለበት። እርስዎ የሚሠሩት በቁራጭ ነው፤ ቁራጮቹም ይሰፋሉ።

ርዝመትን በክንድ ማዘዝ ደግሞ ያምራል፤ ሰውን አዋቂ ያስመስለዋል። እኔም አዋቂ መምሰል ፈልጌ በስልክ «ስምንት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ስድስት ክንድ» ብዬ አዘዝኩ። አንድ ክንድ 50 ሳንቲም ነው ብዬ፣ ስድስቱ 3 ሜትር ይሆናል ብዬ ነው። የሸማኔው ክንድ ግን 46 ሳንቲም ነበር። ጨርቁ ሲመጣ እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ሜትር ከ76 ሆነ። ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ተሰፍቶ ሲሰቀል ከወለሉ 21 ሳንቲም ከፍ ብሎ ቀረ፤ በአንድ ክረምት እንደተመዘዘ ልጅ ሱሪ። ሸማኔውን ልወቅስ ስሄድ ክንዱን ዘርግቶ አሳየኝ። ምን ይባላል? ክንዱ ነው።

ስለዚህ በሜትር ይዘዙ፤ ከማዘዝዎ በፊትም ጨርቁን ይፈትኑ። ከሚፈልጉት ዓይነት ትንሽ ቁራጭ ገዝተው ወርድና ርዝመቱ ላይ 50 ሳንቲም ለክተው በክር ምልክት ያድርጉ። በለብታ ውኃ አጥበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ እንደገና ይለኩት። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። የእኔ 50 ሳንቲም ርዝመት 46 ሆነ፤ ይህም ከመቶ ስምንት መሆኑ ነው። አሁን ሒሳቡ ቀላል ነው። መጋረጃው ከሚሰቀልበት እስከ ወለል 2 ሜትር ከ55 ነው። ለላይና ለታች እጥፋት 20 ሳንቲም ሲጨመር 2 ሜትር ከ75 ይሆናል። ታጥቦ 2 ሜትር ከ75 የሚቀረው ጨርቅ ሲገዛ 3 ሜትር መሆን አለበት። ወርዱ ደግሞ ታጥቦና ተሰፍቶ ከ80 ወደ 75 ወረደ። ስምንቱ ቁራጭ ጎን ለጎን 6 ሜትር ይሆናል፤ የመጋረጃው ሐዲድ 3 ሜትር ከ20 ስለሆነ ጨርቁ የሐዲዱን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ይበቃል። ከዚህ ካነሰ መጋረጃው ሲዘጋ እንደተሰጣ አንሶላ ይወጠራል።

ሐዲዱ ከመስኮቱ ለምን በለጠ ብለው ከጠየቁ፣ ጥያቄዎ የአስተዋይ ሰው ነው። በግራም በቀኝም 30 ሳንቲም ማስረዘም ያስፈለገው መጋረጃው ሲከፈት ጨርቁ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ እንዲሰበሰብ ነው። መስኮቱን አልነካም ብለው ምለው የለ? ሩቡን በጨርቅ መሸፈንም መንካት ነው።

አሁን ጥለት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ያብዳል። የሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ የወርቅ፣ የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የሐምራዊ ጥለት በአንድ ጊዜ ሲያዩ ሁሉም የሚያምረው ለሰው ልብስ ስለሆነ መሆኑን ያስታውሱ። ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ከዓውደ ዓመቱ በኋላም ልብሱን ያወልቃል። መጋረጃ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቆሞ ያፈጥብዎታል። እኔ ሁለት ቀለም ብቻ አዘዝኩ፤ ጥቁር ቡናማና የአፈር ቢጫ። ስፋቱን 12 ሳንቲም አደረግሁት፤ የኮርኒሱ ጠርዝ 12 ስለሆነ። ሸማኔው የቁጥሩን ምክንያት ሲጠይቀኝ «ኮርኒሴ ነው» አልኩት። ዝም አለኝ። ግን ዛሬ እንግዳ ሲገባ ዓይኑ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ይወርድና ያርፋል፤ ለምን እንዳረፈ አያውቅም።

ጥለቱን ከታች ያድርጉት፤ ለወግ ብቻ ሳይሆን ለፀሐዩም ነው። መስኮቴ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይገባል። ፀሐይ ቀለም ያስለቅቃል። የእኔ መስታወት 80 ሳንቲም ላይ ስለሚያበቃ ከእግሩ በታች ያለው ጥለት ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው። በመሐል ወይም በላይ ጥለት ያደረገ ሰው ግን ቀለሙ ቀስ በቀስ ሲሸሽ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ቀለሙ ውኃ ላይም ይፈተን፤ ነጭ ጨርቅ ነክረው ጥለቱን ያሹት። ነጩ ቀይ ከሆነ መጋረጃዎም አንድ ቀን ሮዝ ይሆናልና ሌላ ይምረጡ።

ከሁሉም ያስለቀሰኝ ይህ ነው፦ ስምንቱ ቁራጭ እኩል አይሰበሰብም። አንዱ ስምንት ከመቶ፣ ሌላው ስድስት ይሆናል፤ የፈታይዋም የሸማኔውም እጅ ቀን በቀን አንድ አይደለምና። ሳይታጠቡ እንደመጡ ከተሰፉ፣ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጥለቶቹ እንደ ደረጃ ወጣ ገባ ይላሉ። መድኃኒቱ ሁሉንም መጀመሪያ ማጠብ ነው። ከዚያ ልብስ ሰፊው ቁራጮቹን ከታች፣ ጥለቱን ከጥለቱ ጋር አጋጥሞ ወደ ላይ እየሰፋ ይሂድ፤ የተረፈውንም ከላይ ይቁረጥ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ልማዱ ከላይ መጀመር ነው። አጠገቡ ቁጭ ይበሉ፤ ሻይ ይጋብዙት፤ ዓይንዎን ግን አይንቀሉ።

መጋረጃው አለቀ። ሰቀልነው። እኔና ባለቤቴ ወደ ኋላ ራቅ ብለን አየነው፤ ቆሻሻ ይመስላል። አዲስ ነው፤ ታጥቧል፤ ተተኩሷል፤ ግን ያላጠብነው ይመስላል። ጥፋቱ የግድግዳው ነበር። ፈትል ጥጥ ነጭ ይባላል እንጂ ወደ ወተት ያደላል፤ ዘመናዊው ግድግዳ ግን ሰማያዊ የሚነካው ነጭ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ያረጀ የሚመስለው ጨርቁ ነው። ግድግዳውን ክሬም አስቀባሁት። ኮርኒሱ እንደነጣ ቀረ፤ ሁለቱ የሚለያዩበትም መስመር ግድግዳው ኮርኒሱን የሚነካበት ላይ በልጣጭ ፕላስተር ተይዞ ተቀባ።

መብራቱም ተባባሪ ነው። ኮርኒሱ ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀው ባለ 6500 ኬልቪን መብራት ጥጡን የሆስፒታል አንሶላ ያስመስለዋል። ጂፕሰሙ ሳይነካ መብራቱ ብቻ ተነቅሎ በ3000 ተተካ፤ ሻጮቹ «ቢጫው» የሚሉት ነው። ጨርቅ ሲመርጡ ቁራጩን ወደ ቤት አምጥተው ማታ በራስዎ መብራት ሥር ይዩት። ሱቅ ውስጥ የወደዱትን ቤት ውስጥ ይጠሉታል፤ ብዙ ትዳርም እንዲሁ ነው ይባላል፤ እኔ አላውቅም።

አንድ ውርደት ልናዘዝ። ቀኑ በስሱ ጨርቅ ካለፈ ለሌሊቱ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጋቢ ቢጨመር ሐምሌን ያስረሳል ብዬ አሰብኩ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ይከብዳል። የድሮው ሐዲድ ደግሞ በብሎን የታሰረው ጂፕሰሙ ላይ ነበር። ሦስተኛው ሌሊት ላይ መጋረጃው፣ ሐዲዱና የእጅ መዳፍ የሚያህል የኮርኒስ ቁራጭ አብረው ወረዱ። «ኮርኒሱን አልነካም» ብዬ የማልኩት እኔ፣ ኮርኒሱን በጋቢ አፈረስኩት። ጂፕሰም ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ከባድ ነገር አይሸከምም። በጣትዎ ያንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ እዚያ ላይ ምንም አይስቀሉ። ሐዲዱ ከመስኮቱ በላይ ባለው የኮንክሪት አግዳሚ ላይ በፊሸር ይታሰር። የእኔን ስድስት ቦታ አሳስሬዋለሁ፤ ኮርኒሱም ተጠግኗል። ቦታው የት እንደሆነ አልነግርዎትም።

ወደ ሶፋው እንምጣ። ግራጫውን ሶፋ አይጣሉት። ጋቢም አያልብሱት። ሌዘር መሰል ሶፋ ላይ የተነጠፈ ጋቢ ሰው ሲቀመጥበት ይንሸራተታል፤ እንግዳው ሲነሣ ጋቢው አብሮ ይነሣል፤ የተከተለ ሳይሆን የተጎተተ ይመስላል። ልብስ ማሰፋት ነው የሚሻለው። እኔ እነዚያን በክንድ የመጡትን አጭር ቁራጮች ለዚሁ አዋልኳቸው። ግን ሸማ ለብቻው መቀመጫ አይሆንም፤ ልል ስለሆነ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ በጥቂት ሳምንት ይረግብና እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ጨርቁን ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ይዩ፤ በድርና በማጉ መሐል ብርሃን ከታየ ከሥሩ አቡጀዲ ይደረብለት፤ ሁለቱም አስቀድመው ይታጠቡ፤ አብረውም ይሰፉ። አየህ አቡጀዲ፣ ከኮርኒስ ቢያወርዱህም ሶፋ ላይ ሥራ አገኘህ።

ሶፋው መደገፊያ ላይ የመንዝ ባና ጣል አድርገናል። ጥቁርና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ ስለዚህ የሚለቅ ቀለም የለውም። ሲነኩት ግን ይኮሰኩሳል፤ አንገቱ ባዶ ለሆነ እንግዳ አይመከርም። ሱፍ ደግሞ ጠላት አለው፤ ብል። ብል የሚወደው ጨለማና የማይነካ ቦታ ስለሆነ ዘወትር የሚቀመጡበትን ባና አይነካውም፤ ከሶፋው ሥር የገባውን የስጋጃ ጠርዝ ግን ይበላዋል። ፀጉሩ ላይ የሳንቲም ያህል የተላጨ ቦታ ካዩ መጥቷል ማለት ነው። በየወሩ ማራገፍና ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ስጋጃው የደብረ ብርሃን ሱፍ ነው፤ 2 ሜትር በ3 ሜትር። ሰው ስጋጃን የሚያነጥፈው ሶፋውን አይቶ ነው፤ ሶፋ ግን ዛሬ እዚህ ነው፤ ነገ ጽዳት ሲሆን እዚያ ነው። ኮርኒሱ አይንቀሳቀስም። ከግንበኛ ቱምቢ ተውሼ ከኮርኒሱ ጉድጓድ አራት ማዕዘኖች ወደ ወለሉ አወረድኩ፤ የነካበትን በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ስጋጃውን በዚያ መሐል ሳነጥፈው በአራቱም በኩል 20 ሳንቲም እኩል ቀረ። ሶፋውን ተከትሎ ተነጥፎ በነበረ ጊዜ ከአንድ በኩል 40 ከሌላው በኩል ምንም ነበር፤ ክፍሉ የተጣመመ ይመስለኝ ነበርና ግንበኛውን በልቤ ስሰድበው ኖሬያለሁ። ከሥሩ የላስቲክ መረብ ያድርጉበት፤ ሴራሚክ ላይ ስጋጃ በረዶ ላይ እንዳለ ነው።

ቀሪው ቀላል ነው። ሰፌድ ከሰቀሉ ሦስት ይበቃል፤ ሐረር ውስጥ ግድግዳው በሙሉ በሰፌድ የሚሞላው የሚያምረው ቤቱ ከመደቡ ጀምሮ ለዚያ ስለተሠራ ነው። ሞሰብ ካስገቡ እንጀራ ይግባበት። ጋሻ፣ ጦር፣ የፈረስ ዕቃና ቅል አንድ ላይ ካገኙ ግን ያቁሙ፤ ያ የባህል ምግብ ቤት ነው፤ አሳላፊም ያስፈልግዎታል።

አማቴ በጥር ለጥምቀት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ቃኙ። ጫማቸውን አወለቁ፤ አልመለሱትም። ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። መጋረጃውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ጥለቱን መረመሩና «ፈትሉ ይሳሳል» አሉ፤ ከዚያ ስለ ፈትሉ ሦስት ቀን ሙሉ ተናገሩ። ኮርኒሱን ቀና ብለው አላዩትም፤ መስኮቱን ከፍተው ሲያዩ ግን ዋሉ።

የመስታወት ጠረጴዛው አሁንም አለ፤ ከሶፋው ኋላ ቆሟል። 75 በ120 ነው፤ ጫፉ አልተሰበረም። የሚፈልግ አንባቢ ካለ መጥቶ ይውሰድ፤ ተሸካሚ ግን ይዞ ይምጣ።